ዋይፋዩ ተገናኝቷል፣ ገጹ ግን ባዶ ነው

ባሕር ዳር ባረፍኩበት ሆቴል አንድ ማታ ሪፖርት ለመላክ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ ነው፣ መገናኘቱንም ይናገራል፤ ብራውዘሩ ግን ምንም ሳያመጣ ነጭ ሆኖ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ስልክ ላይ የክፍል ቁጥር የሚጠይቀው ገጽ ወዲያው ብቅ ብሏል። እንግዳ ተቀባይዋ «ላፕቶፕዎን አጥፍተው ያብሩት» አለችኝ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ለውጥ የለም።

እንዲህ ባለ ቦታ ዋይፋይ መገናኘት ግቢው ውስጥ መግባት ብቻ ነው። ወደ ኢንተርኔት የሚያወጣውን በር የሆቴሉ መሣሪያ ዘግቶ ይጠብቃል። ዊንዶውስ አዲስ ኔትወርክ ሲያገኝ www.msftconnecttest.com ከሚባል አድራሻ አጭር ጽሑፍ ይጠይቃል። የሚጠብቀው Microsoft Connect Test የሚለውን ብቻ ነው። መሣሪያው በዚያ ፈንታ ወደ መግቢያ ገጹ ሲመራው፣ ኮምፒውተሩ በሩ መዘጋቱን ያውቅና ገጹን ይከፍትልናል።

ይህ የሚሠራው ጥያቄው ሳይመሰጠር በ http ሲላክ ነው። በ https የሚከፈት ገጽ እንደታሸገ ደብዳቤ ስለሆነ መሣሪያው መሐል ገብቶ መልሱን ሊለውጥ ቢሞክር ብራውዘሩ አይቀበለውም፤ ማስጠንቀቂያ ያሳያል ወይም ገጹን ጨርሶ አይከፍትም። ስለዚህ ኢሜይላችንን ደጋግመን ብንከፍት ገጹን አናገኘውም። ለዚሁ ሲባል ሳይመሰጠር የሚከፈተውን http://neverssl.com መሞከር ይጠቅማል።

የእኔ ግን እሱም አልከፈተም። ይህ ራሱ ፍንጭ ነበር፤ ኮምፒውተሬ የድረ ገጹን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚለውጥለት አላገኘም ማለት ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው ዲኤንኤስ የሚባለው አገልግሎት ነው። ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቼ ይህን ጻፍኩ፦

```
ipconfig /all
```

DNS Servers በሚለው ፊት ለፊት 8.8.8.8 ተጽፏል። ከወራት በፊት ቤት ኢንተርኔቱ ሲያስቸግረኝ በእጄ ያስገባሁት የጉግል አድራሻ ነው። ሆቴሉ ደግሞ ያልገባ እንግዳ ከራሱ ዲኤንኤስ በቀር ሌላ እንዲጠይቅ አይፈቅድም። ኮምፒውተሬ የተዘጋበትን በር እያንኳኳ መልስ ሲጠብቅ ነበር። ማስተካከያው ስለተቀመጠ ማጥፋትና ማብራቱ አልነካውም።

በዋይፋዩ ማስተካከያ ውስጥ ዲኤንኤሱን ወደ አውቶማቲክ መልሼ ዋይፋዩን ዘግቼ ስከፍተው፣ ያ የክፍል ቁጥር የሚጠይቀው ገጽ መጣ።

ሁሉም ሆቴል እንዲህ አያደርግም፤ አንዳንዱ ወደ 8.8.8.8 የሚሄደውን ጥያቄ ጠልፎ ራሱ ይመልሳል፣ ተጠቃሚውም ችግሩን ሳያውቀው ያልፋል። አንድ ካፌ የከፈተልን ኮምፒውተር ሌላው ጋ እምቢ የሚለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቪፒኤንም ተመሳሳይ ጣጣ ያመጣል፤ በሩ ሳይከፈት ሁሉንም ነገር በራሱ መንገድ ልላክ ስለሚል። መጀመሪያ ቪፒኤኑን አጥፍቶ በገጹ መግባት፣ ከዚያ መልሶ ማብራት ነው።