ቦንድ ላይ አክሲዮን ሲጨመር ስጋቱ የሚቀንሰው መቼ ነው?

ገንዘቡን በሙሉ የመንግሥት ቦንድ የገዛበት ሰው ጥንቁቅ ይባላል። ከዚያው ላይ ጥቂት ቀንሶ አክሲዮን ቢገዛ ደግሞ “ደፈረ” ይሉታል። ሃሪ ማርኮዊትዝ ግን እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው ጽሑፍ ነገሩ እንዲህ ቀላል እንዳልሆነ በሒሳብ አሳየ። ያኔ ገና 24 ዓመቱ ነበር። የመመረቂያ ሥራውን ሲያቀርብ ከመርማሪዎቹ አንዱ ሚልተን ፍሪድማን “ይህ ኢኮኖሚክስ አይደለም” ብሎ ተከራክሮት እንደነበር ማርኮዊትዝ ራሱ በኋላ ተናግሯል። በ1990 የኢኮኖሚክስ ኖቤልን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋርቷል።

ሐሳቡን ለማየት አንድ አሜሪካ የሚኖር ቆጣቢ 10,000 ዶላር አለው እንበል። ቦንዱ በዓመት በአማካይ 4 በመቶ፣ አክሲዮኑ 9 በመቶ ያስገኛል ተብሎ ይጠበቃል። ይህ የሚጠበቅ ትርፍ ነው። ትርፉ ግን በየዓመቱ ልክ በአማካዩ ላይ አያርፍም። ከአማካዩ የሚርቅበት የተለመደ መጠን መደበኛ ልይይት ይባላል። ለቦንዱ 5፣ ለአክሲዮኑ 16 በመቶ እንያዝ። በግምት ከሦስት ዓመት በሁለቱ የቦንዱ ውጤት ከ1 በመቶ ኪሳራ እስከ 9 በመቶ ትርፍ ባለው ውስጥ ይወድቃል። የአክሲዮኑ ደግሞ ከ7 በመቶ ኪሳራ እስከ 25 በመቶ ትርፍ ይዘልቃል።

ቆጣቢው 85 በመቶውን በቦንድ ትቶ በ15 በመቶው አክሲዮን ገዛ። የሚጠበቀውን ትርፍ ማስላት አያስቸግርም፦ የቦንዱ ድርሻ 3.40፣ የአክሲዮኑ 1.35፣ ድምሩ 4.75 በመቶ። ሁለቱ አብረው ይውጡ ይውረዱ፣ ይህን ቁጥር አይነካውም።

ስጋቱ ላይ ግን ተራ መደመር አይሠራም። በየድርሻቸው ሲሰላ የአክሲዮኑ መዋዠቅ 2.4፣ የቦንዱ 4.25 ነው። ሁለቱ ዘወትር እኩል ከፍ እኩል ዝቅ ቢሉ ኖሮ ድምሩ 6.65 ይሆን ነበር። አብሮ መንቀሳቀሳቸው የሚለካው ተዛምዶ በሚባለው ቁጥር ነው፤ ከ−1 እስከ +1 ይደርሳል። አንዱ ሲወድቅ ሌላው በመጠኑ የመነሣት ዝንባሌ አለው ብለን −0.3 ብንወስድ ስሌቱ እንዲህ ነው፦

2.4² + 4.25² + 2 × 2.4 × 4.25 × (−0.3) = 17.7

የዚህ ስኩዌር ሩት 4.2 ነው። ቦንድ ብቻ ሲይዝ 5 የነበረው መዋዠቅ አክሲዮን ሲጨምርበት ወደ 4.2 ወረደ፤ የሚጠበቀው ትርፍም ከ4 ወደ 4.75 ወጣ። በዶላር ሲታይ፣ ከአማካዩ አንድ መደበኛ ልይይት ዝቅ ባለ መጥፎ ዓመት ቦንድ ብቻ የያዘው ሰው 9,900 ዶላር ይቀረዋል፤ ቅልቅሉን የያዘው ግን 10,050 ገደማ።

ይህን ያመጣው ያ የ−0.3 ቁጥር ነው። +0.6 ቢሆን መዋዠቁ 6 በመቶ ይደርስና ጥቅሙ ይገለበጣል፤ በዚያው መጥፎ ዓመት የሚቀረው 9,875 ዶላር ነው። ወሰኑን ለማወቅ የቦንዱን መደበኛ ልይይት ለአክሲዮኑ ማካፈል ይበቃል፦ 5 ÷ 16፣ 0.31 ገደማ። ተዛምዶው ከዚህ በታች ከሆነ ጥቂት አክሲዮን መጨመር ስጋቱን ይቀንሳል፤ ከዚህ በላይ ከሆነ የመጀመሪያው ዶላር ጀምሮ ይጨምረዋል።

ችግሩ ተዛምዶ የማይለወጥ ቁጥር አለመሆኑ ነው። በ2008 የአሜሪካ ትልልቅ ኩባንያዎችን የሚለካው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ትርፍ ክፍያው ተደምሮም 37 በመቶ ወረደ። የተደናገጠው ገንዘብ ወደ መንግሥት ቦንድ ሸሸ፣ ማዕከላዊው ባንክም ወለድ ቀነሰ፤ ሰፊው የአሜሪካ ቦንድ መለኪያ በዚያው ዓመት 5 በመቶ ያህል አተረፈ። በ2022 ግን የድንጋጤው ምንጭ የዋጋ ግሽበት ነበር። በሰኔ ግሽበቱ 9.1 በመቶ ደረሰ፣ ማዕከላዊው ባንክ ዜሮ አጠገብ የነበረውን ወለድ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ4 በመቶ በላይ አወጣው። ወለድ ሲወጣ ነባር ቦንድ ዋጋው ይወርዳል፤ አክሲዮኑንም ያው ወለድ ጎተተው። አክሲዮኑ 18፣ ቦንዱ 13 በመቶ አብረው ወደቁ።

ስለዚህ ከሁለት አሥርት ዓመታት መረጃ የተሰላ አንድ ተዛምዶ ሲቀርብ ጠርጠር ማድረግ ይገባል። ከ2000 በኋላ በነበሩት ሁለት አሥርት ዓመታት ቁጥሩ በአብዛኛው ከዜሮ በታች ነበር፤ ግሽበት ባየለበት በ1970ዎቹ ግን ከዜሮ በላይ። የጡረታ ቁጠባውን በአክሲዮንና በቦንድ የከፈለ አንባቢ ስሌቱን ሁለት ጊዜ ይሥራው፤ አንዴ በ−0.3፣ አንዴ በ+0.6። በሁለተኛው የሚወጣው ኪሳራ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ክፍፍሉን አሁኑኑ ይቀይር።