አደይ አበባው የት ይታሰር?

ለእንቁጣጣሽ ወደ አዊ የሚጓዝ ሚኒባስ ሳያጌጥ አይገባም። የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ አደይ አበባ ይሰካል፣ ዳሽቦርዱ ላይ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ስፖኪዮው ላይ ደግሞ ሪባንና መቁጠሪያ ይንጠለጠላል። ያምራል፤ ችግሩ ሁሉም ሾፌሩ መንገዱን በሚያይበት መስታወት ላይ መሰብሰቡ ነው።

የሚብሰው የሚንጠለጠለው ነው። ሁለቱ ዓይኖቻችን 6.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ፣ ከዚያ የቀጠነ ነገር አንዱን ዓይን ቢጋርድ ሌላው ያያል። 10 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ የአበባ እቅፍ ከሾፌሩ ዓይን 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲንጠለጠል ግን፣ ከፊት 30 ሜትር ርቀት ላይ 1.8 ሜትር የሚያህል ስፋት ከሁለቱም ዓይኖች ይሰወራል። በግ እየጎተተ የሚሻገር ሰው እዚያ ውስጥ ገብቶ ሊጠፋ ይችላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደግሞ 30 ሜትሩን ሦስት ሰከንድ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። መቁጠሪያው ቀጭን ቢሆንም ሲወዛወዝ ዓይን ይሰርቃልና ከጉዞ በፊት ቢወርድ ይሻላል።

ቄጤማው የሚያመጣው ጣጣ ሌላ ነው። መስከረም 1 አዊ ላይ ዝናቡ ገና አልወጣም። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሲወጣም ብርዱ ይጨምራል። በሰው የተሞላ፣ መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ እርጥብ ሣር ሲጨመር መስታወቱ በእንፋሎት ይሸፈናል። ዳሽቦርዱ ጫፍ ላይ ያሉት የአየር መውጫ ቀዳዳዎች የተሠሩት ይህንን እንፋሎት ለማድረቅ ነበር፤ ቄጤማው የሚደፍነው እነሱኑ ነው። ሾፌሩ በእጁ ወይም በጨርቅ መስታወቱን ደጋግሞ መጥረግ ከጀመረ ምክንያቱን እዚያ ፈልጉት። ነጭ የዳሽቦርድ ጨርቅም ፀሐይ ሲያርፍበት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃልና ጠቆር ያለው ይመረጣል።

ታዲያ አበባው የት ይሁን? ከውጭ፣ ከፊት መስታወቱ በታች ባለው ቆርቆሮ ላይ፣ መብራቱን፣ ፍሬቻውንና ታርጋውን ሳይነካ። የራዲያተሩ አየር ማስገቢያም ክፍት ይቀመጥ። የጎን በሮች ከመስኮት በታች ሰፊ ቦታ አላቸው፤ ለእኔ የሚያምረው እንዲያውም እዚያ ሲሆን ነው፣ ቆሞ የሚቀበለው ዘመድ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነውና። የሪባኑ ሁለቱም ጫፍ ይታሰር፤ ልቅ የሆነው በነፋስ ተነሥቶ መስታወቱን ይገርፋል፣ ዝናብ ሲመጣም መጥረጊያው ላይ ይጠመጠማል።

መፈተሻው ቀላል ነው። ሾፌሩ እንደሚነዳበት ሆኖ ይቀመጥ፤ ረዳቱ ከፊት ወርዶ፣ የሕፃን ቁመት እስኪያህል ጎንበስ ብሎ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይራመድ። ጌጥ ጋርዶት ከጠፋ ያ ጌጥ ይነሣ። ዳንግላ ላይ ለቡና ሲቆምም ቋጠሮዎቹ ይታዩ፤ ረጅም መንገድ ያላላቸዋል።