ደብተሩ ወፈረ፣ ዘንቢሉ ከሳ

በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፣ ባንኮች ለቁጠባ ሂሳብ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። የብር ምንዛሪ በ15 በመቶ እንዲቀንስ የተደረገውም በዚያው ሰሞን ነው። ለቆጣቢው ግን ጎልቶ የተሰማው የወለዱ ዜና ነበር። በ5 ፈንታ 7 ማግኘት ማንን ያስከፋል?

በዚያው ወር 10,000 ብር ባንክ ያስገቡ አንዲት የጉሊት ነጋዴ እናስብ። ስማቸውን አንጠራም፤ እትዬ እንበላቸው። እትዬ ገንዘቡን ሳይነኩ፣ ሳይጨምሩበትም፣ ስድስት ዓመት ሊያስቀምጡት ወስነዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ አንድ ዘንቢል አላቸው። ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ስኳር፣ ሳሙናና ሌላው የቤት አስቤዛ ተደምሮ ዘንቢሉን ለመሙላት ያን ጊዜ 1,000 ብር ይበቃል እንበል። ስለዚህ ደብተራቸው ላይ ያለው ገንዘብ አሥር ዘንቢል ይሞላል ማለት ነው። ይህችን አሥር ቁጥር እንያዛት፤ ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ባንኩ የ10,000 ብሩን 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ወለድ ጨመረላቸው። በሁለተኛው ዓመት ወለዱ የሚታሰበው በ10,000 ብር ላይ ሳይሆን በ10,700 ብር ላይ ነው፤ ስለዚህ 749 ብር ሆነ። የወለድ ወለድ የሚባለው ይህ ነው፤ ትናንት የተወለደው ብር ዛሬ ራሱ ይወልዳል። እንዲህ እየተደራረበ በስድስተኛው ዓመት ብቻ የተጨመረው ወለድ 982 ብር ደረሰ፤ ደብተሩም 15,007 ብር ላይ ቆመ። ወለዱ በዋናው ገንዘብ ላይ ብቻ ቢታሰብ ኖሮ በስድስት ዓመት የሚያገኙት 4,200 ብር ነበር። 5,007 ብር ያገኙት ወለዱ ራሱ ስለወለደ ነው፤ ልዩነቱ 807 ብር ነው።

እስከዚህ ድረስ ባንክ ቤት ያለው ሰው የሚነግረን ሁሉ ትክክል ነው። አሁን ወደ ዘንቢሉ እንመለስ።

በአገራችን አማካይ የዋጋ ንረት እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ 14 በመቶ፣ በ2019 ወደ 16፣ በ2020 ወደ 20፣ በ2021 ወደ 27፣ በ2022 ወደ 34፣ በ2023 ደግሞ ወደ 30 በመቶ ነበር። ይህን በእትዬ ዘንቢል ላይ እናስኪደው። በመጀመሪያው ዓመት 1,000 ብር የነበረው ዘንቢል 1,140 ብር ሆነ። በሁለተኛው ዓመት 16 በመቶው የሚጨመረው በ1,000 ብር ላይ አይደለም፤ ቀድሞ በተወደደው በ1,140 ብር ላይ ነው። ስለዚህ 1,322 ብር ሆነ። ከዚያ 1,587፣ ከዚያ 2,015፣ ከዚያ 2,701፣ በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ 3,511 ብር።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር እዚህ ላይ ነው። የወለድ ወለድ የባንክ ብቻ አይደለም፤ ገበያም የወለድ ወለድ ያስባል። የስድስቱን ዓመት ንረት ዝም ብለን ብንደምረው 141 በመቶ ነው፤ በዚህ ሂሳብ ዘንቢሉ 2,410 ብር ላይ ይቆም ነበር። 3,511 ብር የደረሰው ጭማሪው በጭማሪው ላይ እየተደረበ ስለሄደ ነው። መደረቡ ብቻውን በአንድ ዘንቢል ላይ ያመጣው 1,101 ብር ነው። መደረብ ለእትዬ በስድስት ዓመት ውስጥ በጠቅላላው ገንዘባቸው ላይ ያተረፈላቸው ደግሞ 807 ብር መሆኑን አይተናል። ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሰላል ይወጣሉ፤ የአንዱ እርከን 7 ነው፣ የሌላው 20 እና 30።

አሁን ደብተሩን በዘንቢሉ እናካፍል። በመጀመሪያ አሥር ዘንቢል ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ዘጠኝ ከምናምን፣ በሦስተኛው ዓመት ወደ ሰባት ተኩል፣ በአራተኛው ስድስት ተኩል፣ በአምስተኛው አምስት ገደማ። በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ 15,007 ብር ለ3,511 ብር ሲካፈል አራት ዘንቢል ከሩብ ይወጣል። ደብተሩ አንድም ዓመት ሳይቀንስ በግማሽ ጨመረ፤ ዘንቢሉ አንድም ዓመት ሳይጨምር ከግማሽ በታች ወረደ። ማንም አልሰረቃቸውም፤ ባንኩም ቃሉን አላጎደለም። ቃሉ የተገባው ግን በብር እንጂ በጤፍ አልነበረም።

ታዲያ ባንክ ማስቀመጣቸው ስህተት ነበር? ገንዘቡን ፍራሽ ሥር ቢያኖሩት ኖሮ 10,000 ብሩ እዚያው 10,000 ብር ሆኖ ይቀርና ሦስት ዘንቢል እንኳ አይሞላም ነበር። ወለዱ ጉዳቱን አሳንሶላቸዋል፤ ትርፍ ግን አልሆነላቸውም። አሥሩ ዘንቢል አሥር ሆኖ እንዲቆይ ደብተሩ ከ35,000 ብር በላይ ማሳየት ነበረበት። ለዚያ ደግሞ ወለዱ በየዓመቱ 23 በመቶ ገደማ መሆን ይጠበቅበት ነበር።

ግብሩም መረሳት የለበትም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከቁጠባ ወለድ ላይ 5 በመቶ እንዲቆረጥ ደንግጓል። ከመጀመሪያው ዓመት 700 ብር 35 ብር ይሄዳል፤ ስለዚህ 7 በመቶ የተባለው ወለድ እጅ ላይ ሲደርስ 6.65 በመቶ ነው። ብሩ ትንሽ ነው፤ የሚገርመው ግን ግብሩ የሚታሰበው ደብተሩ ላይ በታየው ጭማሪ መሆኑ ነው። ዘንቢሉ የከሳበት ሰውም «አተረፍክ» ተብሎ ይከፍላል።

ሰው ወለድና ንረትን ሲያመዛዝን የሚሠራቸው ሁለት ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው መቀነስ ነው፤ ወለዱ 7፣ ንረቱ 30 ከሆነ «23 በመቶ ከሰርኩ» ይላል። ትክክለኛው ስሌት ማካፈል ነው፤ 107 ብር ለ130 ብር ሲካፈል 0.82 ይሆናል፤ ስለዚህ ገንዘቡ የገዥነት አቅሙን ያጣው 18 በመቶ ገደማ ነው። ቁጥሮቹ ትናንሽ ሲሆኑ መቀነሱም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፤ ንረቱ ሲበረታ ግን ያሳስታል።

ሁለተኛው ስህተት የበለጠ ያታልላል፤ «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ሲባል ዋጋ የቀነሰ ይመስለናል። የእትዬን ዘንቢል እንደገና እንየው። ንረቱ 34 በመቶ በነበረበት በአምስተኛው ዓመት ዘንቢሉ በ686 ብር ተወደደ። ንረቱ ወደ 30 በመቶ «ወረደ» በተባለበት በስድስተኛው ዓመት ደግሞ በ810 ብር ተወደደ። በመቶኛው አነሰ፣ ብሩ በዛ፤ ምክንያቱም 30 በመቶው የተሰላው ቀድሞ ከፍ ካለ ዋጋ ላይ ነው። ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ መውጣቱን ትቶ ወረደ ማለት አይደለም፤ አወጣጡ ትንሽ ረገብ አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እትዬ ያጡት ስድስት ዘንቢል የት ሄደ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። የተወሰነው ተበዳሪው ቤት ገብቷል። ባንክ የእትዬን ብር ለሌላ ያበድራል። ተበዳሪው በ16 በመቶ ወለድ ተበድሮ ዕቃ ወይም ቤት ገዛ እንበል። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ ሲወጣ የገዛው ንብረት ከዕዳው ቀድሞ ያድጋል፤ የሚመልሰው ብር ደግሞ ከወሰደው ብር የቀለለ ነው። ከተበዳሪዎቹ ትልቁ መንግሥት ነው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚያበድሩት እያንዳንዱ 100 ብር አንጻር በ27 ብር የብሔራዊ ባንክ ቢል እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ቢሉ የሚከፍላቸው ወለድ መጀመሪያ 3፣ በኋላም 5 በመቶ ነበር። በ5 በመቶ እያበደረ ለቆጣቢ 7 በመቶ የሚከፍል ባንክ፣ ከዝቅተኛው ወለድ በላይ ለመክፈል የሚያነሳሳው ነገር ብዙ አልነበረም።

ይህ ነገር ከባንክ ውጭም ይሠራል፤ እቁብ ውስጥ እንኳ። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ቢጥሉ እጣው ለሁሉም 12,000 ብር ነው። ዋጋ በዓመት 30 በመቶ በሚወጣበት ጊዜ ግን መጨረሻ የደረሰው ሰው 12,000 ብር፣ በመጀመሪያው ወር ዋጋ ሲመዘን 9,400 ብር ገደማ ነው። እቁብ ወለድ የለውም እንላለን፤ በንረት ዘመን ግን መጀመሪያ የወጣለት ተበዳሪ ነው፣ መጨረሻ የደረሰው አበዳሪ ነው፣ ወለዱም ከሁለተኛው ኪስ ወጥቶ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። የመጀመሪያው እጣ ሲወጣ የሚታየው ደስታ ያለ ምክንያት አይደለም።

የራስን ሁኔታ ለማወቅ ከባድ ሂሳብ አያሻም። የቁጠባ ደብተሩ ላይ ቀኑንና ቀሪ ሂሳቡን ከማየት ጎን ለጎን፣ ቤት ውስጥ የምትገዟቸውን ስድስት ሰባት ነገሮች ዋጋ በዚያው ቀን መዝግቡ፤ በዓመቱ ያንኑ መጠን፣ ያንኑ ዓይነት ዕቃ መልሳችሁ መዝግቡና ቀሪ ሂሳቡን ለድምሩ አካፍሉ። ይፋዊው የንረት ቁጥር ለአገር አማካይ የተሠራ ነው፤ በስሌቱ ውስጥ ምግብ ከግማሽ በላይ ድርሻ ይይዛል። ገቢው በአብዛኛው ለምግብ የሚውል ቤተሰብና ኪራይና ትምህርት ቤት የሚከብደው ቤተሰብ አንድ ዓይነት ንረት አይኖራቸውም። ገንዘቡ የታሰበው ለቤት ክዳን ከሆነ መለኪያው ቆርቆሮ ነው፣ ለልጅ ትምህርት ከሆነም የትምህርት ቤቱ ክፍያ ነው። ለድንገተኛ ሕመም ወይም ለሁለት ሦስት ወር ወጪ የሚቀመጥ ገንዘብ በተፈለገ ሰዓት መገኘቱ ዋናው ነገር ስለሆነ ባንክ ቢቀመጥ ያስኬዳል። እየከሳ የሚሄደው ሳይነካ ዓመታት የሚቀመጠው ነው።

እትዬስ? ከዚያ በኋላ ነገሩ ተስተካክሎ የዋጋ ንረት 5 በመቶ ላይ ቢወርድና ወለዱ በ7 በመቶ ቢጸና፣ ደብተራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ማትረፍ ይጀምራል። 107 ለ105 ሲካፈል በዓመት 2 በመቶ የማይሞላ ትርፍ ይወጣል። በዚያ ፍጥነት አራት ከሩብ የሆነው ዘንቢል ተመልሶ አሥር እስኪሞላ 45 ዓመት ይፈጃል። በስድስት ዓመት ለወጣው እህል የመመለሻ መንገዱ ይህን ያህል ነው።