ከጋለሪ ፎቶ ቆርጣችሁ የላካችሁት ስቲከር ለምን በጥቁር ሳጥን ታሽጎ ይገባል?

የጓደኛችሁን የምረቃ ፎቶ ከፈታችሁ፣ ሰውየው ላይ ጫን አድርጋችሁ ያዛችሁ፣ ስልኩ ቆርጦ አወጣላችሁ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስትለቁት ግን ከጀርባው ጥቁር ወይም ነጭ ሳጥን ይዞ ገባ። ብዙ ሰው "ስልኬ አይቆርጥም" ብሎ እዚህ ጋር ይተወዋል። ስልኩ ግን በትክክል ቆርጧል፤ ነገሩ የተበላሸው ሲላክ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቆረጣው። አይፎን ላይ ይሄ ነገር የመጣው በ2022 ከአይኦኤስ 16 ጋር ሲሆን ከአይፎን XS እና XR ጀምሮ ባሉት ላይ ይሠራል። በቀጣዩ ዓመት በአይኦኤስ 17 ደግሞ የተቆረጠውን ቀጥታ ስቲከር አድርጎ ማስቀመጥ ተጨመረ። ሳምሰንግ በ2023 ከOne UI 5.1 ጋር አመጣው፤ ሁሉም ሳምሰንግ ላይ ግን የለም። እዚህ ጋር አንድ ወጥመድ አለ፦ ሳምሰንግ ላይ የሚሠራው በራሱ በሳምሰንግ Gallery ውስጥ ነው። ፎቶውን በGoogle Photos ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ብትጫኑት ምንም አይመጣም።

አያያዙ ቀላል ነው። ፎቶውን ሙሉ ስክሪን ክፈቱ፣ ሰውየው (ወይም ድመቷ፣ ወይም ጀበናው) ላይ ጣታችሁን አሳርፉና ሳታንቀሳቅሱ ያዙ። ዙሪያውን የሚያበራ መስመር ሲዞርበት ልቀቁ። አይፎን ላይ Copy፣ Add Sticker እና Share የመሳሰሉ ምርጫዎች ይወጣሉ። ሳምሰንግ ላይ Copy፣ Share እና Save as image ታገኛላችሁ። መስመሩ ሳይዞር ከለቀቃችሁ ወይም ጣታችሁ ከተንሸራተተ ስልኩ ወደ ሌላ ፎቶ መሄድ የፈለጋችሁ ይመስለዋል።

ስልኩ "ይሄ አበበ ነው" ብሎ አያውቅም። የሚያየው ከፊት ያለውና ከኋላ ያለው የት ጋር እንደሚለያይ ነው። ስለዚህ ነጭ ነጠላ ለብሳ ነጭ ግድግዳ ላይ የተደገፈች ልጅ ትከሻዋ ተበልቶ ትወጣለች፤ ጥቁር ጋዋን የለበሰ ተመራቂ ማታ ከተነሳም እንደዚያው። የተበተነ ፀጉር ጫፉ ይላጫል፣ ወይ ደግሞ በፀጉሩ መሃል የኋላው ሰማይ ቁራጭ ይቀራል። ከሁሉም የሚያስቀው የእጅ ጉዳይ ነው። ሁለት ሆናችሁ ተቃቅፋችሁ ከተነሳችሁ ስልኩ የሚነካካውን ሁሉ አንድ አካል አድርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ያኔ ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ባለቤት የሌለው እጅ ተንጠልጥሎ ይወጣል። መፍትሔው ሌላ ፎቶ መምረጥ ነው፦ ብቻውን የቆመበት፣ ብርሃን ያለው፣ የለበሰው ቀለም ከጀርባው የሚለይ። እዚያው ፎቶ ላይ ደጋግሞ መጫን ውጤቱን አይለውጠውም።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንመለስ። የተቆረጠው ምስል ጀርባው ነጭ ወይም ጥቁር አይደለም፤ ባዶ ነው፣ መስታወት በሉት። ይሄን ባዶነት መያዝ የሚችሉት እንደ PNG እና WebP ያሉት የፋይል ዓይነቶች ናቸው። JPEG አይችልም፤ ባዶ ቦታ ሲገጥመው የግድ በሆነ ቀለም ይሞላዋል። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ምስል እንደ ተራ ፎቶ ስትልኩ ፋይሉ እንዲቀልል ብሎ ወደ JPEG ይቀይረዋል። ሳጥኑ የሚወለደው እዚያ ነው። እንደ File ስትልኩት ግን ሳይነካ እንዳለ ይደርሳል።

"ኧረ ገና ጋለሪዬ ውስጥ እያለ ጥቁር ነው" የምትሉም ትኖራላችሁ። ላይሆን ይችላል። ምስሉን ክፈቱና ስክሪኑን አንዴ ነካ አድርጉ፤ ከላይና ከታች ያሉት ቁልፎች ሲጠፉና ሲመለሱ ጀርባው ከነጭ ወደ ጥቁር ከተቀያየረ የምታዩት የጋለሪውን ቀለም ነው። ምስላችሁ ባዶ ነው ማለት ነው፣ ደህና ነው። ካልተቀያየረ ግን ባዶነቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ተመልሳችሁ ከዋናው ፎቶ ቁረጡ። ስክሪንሻት አንስቶ ለማዳን መሞከር አይጠቅምም፤ ስክሪንሻት የሚያነሳው ሳጥኑንም ጭምር ነው።

ዋትስአፕ ለምትጠቀሙ ነገሩ አጭር ነው። የስቲከር ቦታውን ከፍታችሁ Create ካላችሁና ፎቶ ከመረጣችሁ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ መጠኑን አስተካክሎ ይልክላችኋል። ስልካችሁ ጫን ማድረጉ ባይኖረው እንኳ ይሄ ያግዛል። አይፎን ላይ ደግሞ Copy ብላችሁ ዋትስአፕ የመጻፊያ ቦታ ላይ Paste ብትሉት ስቲከር ሆኖ ይገባል።

ቴሌግራምም ከ2024 ጀምሮ በአፑ ውስጥ ስቲከር መሥሪያ አለው፤ አንድ ሁለት ለመሥራት እሱ ይበቃል። የግሩፑን ሁሉ ስቲከር በአንድ ጥቅል ለማድረግ ግን ብዙዎች እስካሁን የሚመርጡት @Stickers የሚባለውን ቦት ነው (ተመሳሳይ ስም ያላቸው አሉ፣ የማረጋገጫ ምልክት ያለውን ያዙ)። ቦቱ አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ነው፦ የምስሉ አንዱ ጎን 512 ፒክስል መሆን አለበት፣ ሌላኛው ከ512 እንዳይበልጥ። ተመራቂያችን ተቆርጦ 1400 በ2100 ሆኖ ወጣ እንበል። ረጅሙ ጎን 2100 ነው፤ እሱን 512 ስታደርጉት ስፋቱ አብሮ ወደ 341 ይወርዳል። ማንኛውም የፎቶ መጠን መቀየሪያ አፕ ይሄን ያደርጋል፤ ብቻ ሲያስቀምጥ PNG መሆኑን እዩ፣ ብዙዎቹ ሳይጠይቁ JPEG ያደርጉታልና ሳጥኑ በኋላ በር ይመለሳል።

ከዚያ ቦቱ ላይ በዚህ ቅደም ተከተል ትሄዳላችሁ፦

```
/newpack
/publish
/skip
```

/newpack ስትሉ የጥቅሉን ስም ይጠይቃችኋል። ስሙን ጻፉ፣ ምስሉን እንደ File ላኩ፣ ስቲከሩን የሚወክል አንድ ኢሞጂ ላኩ። ሌሎች ምስሎች ካሉ ምስልና ኢሞጂ እያላችሁ ቀጥሉ። ሲያልቅ /publish፣ ለጥቅሉ አይከን ሲጠይቅ /skip፣ በመጨረሻ በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር ስም። በቃ፣ ሊንክ ይሰጣችኋል።

ሊንኩ ላይ ግን ቆም በሉ። ያንን ሊንክ ያገኘ ማንኛውም ሰው ጥቅሉን ወደ ስልኩ መጨመር ይችላል፣ የግሩፓችሁ አባል ባይሆንም። ስቲከር ስትልኩም ያያችሁ ሰው ነካ አድርጎ ሙሉ ጥቅሉን ያገኘዋል። ስለዚህ ለአምስት ሰው ቀልድ ተብሎ የተሠራ አፏን ከፍታ የምትበላ ልጅ ፊት፣ ከሦስት ፎርዋርድ በኋላ ጨርሶ የማያውቋት ሰዎች ግሩፕ ውስጥ የሳቅ መልስ ሆኖ ያገለግላል። ስም የለው፣ ቀን የለው፣ ከየት እንደተቆረጠ አይታይ። የሌላ ሰው ፊት ከሆነ ጥቅል ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ስቲከሩን ለራሱ ላኩለትና ይፍቀድ። እሺ ካላለ የራሳችሁን ፊት ቁረጡ።

ገብቶ ከሆነ ደግሞ ቦቱ ላይ /delsticker ብላችሁ ስቲከሩን ብትልኩለት ከጥቅሉ ያወጣዋል፤ /delpack ሙሉ ጥቅሉን ያጠፋል። ቀድሞ ቻት ላይ የተላከው ግን እዚያው ይቀራል። ዋትስአፕ ላይም እንደዚሁ፣ የተቀበለው ሰው Favorites ውስጥ ካስቀመጠው እናንተ ከስልካችሁ ብታጠፉትም ከእሱ ጋር ይኖራል።