መብራት ብልጭ ሲል ዋይፋዩ ለምን ይጠፋል?

አዲስ አበባ ውስጥ መብራት ለአፍታ ብልጭ ብሎ ሲመለስ አምፖሉ ወዲያው ይበራል፤ ራውተሩ ግን እንደ አዲስ ይነሳል፣ ኢንተርኔቱም እስኪመለስ ደቂቃዎች ይፈጃል። ኃይሉ ሲወርድ ቻርጀሩ የሚፈለገውን ቮልት ለቅጽበት እንኳ መስጠት ካቃተው ራውተሩ ሥራ ያቋርጣል።

መፍትሔው በቻርጀሩና በራውተሩ መካከል የምትገባ ትንሽ ባትሪ ናት። ቻርጀሩ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ከተጻፈ የባትሪው መውጫ በትክክል 12 ቮልት፣ አምፔሩም ቢያንስ 1 ይሁን። ቮልቱ ከበለጠ ራውተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው 8800 ሚሊአምፔር ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ በ3.7 ቮልት የተለካ ነው፤ ይህም 32 ዋት ሰዓት ገደማ ነው። 8 ዋት የሚወስድ ራውተርን፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ያቆያል። የፋይበር ሳጥኑ ለብቻው ከሆነ እሱም ባትሪ ይፈልጋል።