የሚያስለቅስህ ሽንኩርቱ ነው ወይስ ወጡ?

እንበልና ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ወጣት ሂንጅ ላይ ሽንኩርት ሲከትፍ የተነሣውን ፎቶ ለጥፏል። ዐይኑ ቀልቷል፣ ከጎኑ ትልቅ ድስት ተጥዷል፣ ከሥሩ «የእሑድ ዶሮ ወጥ» የሚል ጽሑፍ አለ። ሂንጅ ላይ ሰው የሚወደው አንዱን ፎቶ ወይም አንዱን መልስ መርጦ ነው፤ አስተያየቱንም እዚያው ላይ መጻፍ ይችላል። ስለዚህ የልጅቱ የመጀመሪያ መልእክት በቀጥታ ፎቶው ላይ አረፈ፦ «የሚያስለቅስህ ሽንኩርቱ ነው ወይስ ወጡ?»

ልጁ ወደዳት፣ ማች ሆኑ። አሁን ምን ይመልስ?

ብዙ ወንዶች እዚህ ላይ ጠበቃ ይሆናሉ። «ኧረ ወጡማ ይጣፍጣል፤ እናቴ ናት ያስተማረችኝ፣ ጓደኞቼን ጠይቂ።» ክፋት የለበትም፤ ግን ጨዋታ ይዛ ለመጣች ልጅ የምስክር ዝርዝር ማቅረብ ነው። እሷም «እሺ» ከማለት ሌላ የምትለው አይኖራትም።

ሁለተኛው መልስ ይብሳል። «ድንቄም ባለሙያ! አንቺ ሽሮ እንኳን እንደማታውቂ ከፎቶሽ ያስታውቃል።» ጻፊው ይህን እየሳቀ ጽፎት ይሆናል። ሳቁ ግን ከጽሑፉ ጋር አይሄድም። ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች የሽሙጥና የምር ዐረፍተ ነገሮችን ለሌላ ሰው በድምፅና በኢሜይል እንዲያስተላልፉ ተደርጎ ነበር። ላኪዎቹ በሁለቱም መንገድ ከ10 ወደ 8 የሚጠጋው በትክክል ይለያል ብለው ገመቱ። በድምፅ የሄደው ከግምታቸው ብዙም አልራቀም። በኢሜይል የሄደውን ግን ተቀባዮቹ የለዩት ከግማሽ እምብዛም ሳያልፉ ነው፤ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይሻልም። ጻፊው ዐረፍተ ነገሩን በራሱ ድምፅ ስለሚሰማው አንባቢዋም እንደዚያው የምትሰማው ይመስለዋል። ፈገግታውን ሳታይ «ድንቄም» ብቻ የደረሳት ልጅ ንቀት ብታነብ አይፈረድባትም። ለብቻው የተላከ «ጎበዝ።» እንኳን ከነአራት ነጥቡ ሹፈት ሊመስል ይችላል።

ሦስተኛው መልስ እንዲህ ይሁን፦ «ሃሃሃ ተያዝኩ! የመጀመሪያው እንባ የሽንኩርቱ ነው። ወጡን ስቀምሰው ግን ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ መጣ። አንቺ ብትሆኚ እንጀራ ይዘሽ ትመጫለሽ ወይስ ባዶ እጅሽን?»

በመጀመሪያ ሳቀ፤ ተረቧ እንዳልከበደው ወዲያው ነገራት። ከዚያ ያለችውን ሳያስተባብል ተቀብሎ አጋነነው። ያጋነነው ደግሞ በራሱ ወጥ ላይ እንጂ በእሷ ላይ አይደለም። መጨረሻ ላይ ለመመለስ ቀላል የሆነ ጥያቄ ወረወረላት፣ በዚያውም ተረቡ ወደ እሷ ዞረ፤ ባዶ እጅ ለቅሶ መድረስ በእኛ ዘንድ ምን እንደሚያስብል ሁለቱም ያውቁታልና። ርዝመቱም ልክ ነው። በአንድ መስመር ተተርቦ አንድ ገጽ የሚመልስ ሰው ቀልዱን ሲያደክም እንደዋለ ያሳብቅበታል። (የቅርብ ሰው በሞት እንደተለያት ከፕሮፋይሏ ከታወቀ ግን የለቅሶው ቀልድ ይቅር፤ ድስቱ ላይ ሌላ አይጠፋም።)

በራስ መቀለድም ልክ አለው። ወጡ አረረ ማለት ያስቃል። «እኔ መቼም ምንም አይሳካልኝም፣ ለዚህ እኮ ነው ብቻዬን የቀረሁት» ከተባለ ግን ልጅቱ ከተጫዋችነት ወደ አጽናኝነት ትዛወራለች። መልሶ ለመተረብም ሰው ራሱ መርጦ ያሳየውን መንካት ይሻላል፦ የለጠፈችውን የቡና ሥነ ሥርዓት፣ የምታደንቀውን ቡድን፣ «ቀጠሮ አላረፍድም» የሚለውን ደፋር ዐረፍተ ነገር። መልክ፣ ቁመት፣ ዘርና ሃይማኖት፣ የቀድሞ ፍቅረኛ ለዚህ አይሆኑም።

ቀልዱ ሳይገባ ሲቀር ምልክት አለው። ረጅም ትጽፍ የነበረች ልጅ «ሃሃ» ብቻ ብላ ትዘጋለች፣ ጥያቄ መጠየቅም ታቆማለች። ያኔ ቀልዱን መተንተን ነገሩን ያባብሰዋል። «አበዛሁት መሰለኝ፣ ይቅርታ። እሑድ ቀን አንቺ ምን ታደርጊያለሽ?» ቢል ይበቃል። እሷ የወረወረችው ቢያመውስ? ለምሳሌ አሜሪካ ያደገ ልጅ «አማርኛህ የፈረንጅ ነው» መባል ሰልችቶት ይሆናል። ስቆ መዋጥም፣ ነክሶ መመለስም የለበትም። «ወጤን እንደፈለግሽ ተርቢው፣ አማርኛዬን ግን ተይልኝ፣ እየታገልኩ ነው» ማለት ይችላል። ጨዋ ሰው ከሆነች ወዲያው ትተወዋለች፤ ከደገመችው ደግሞ ስለ እሷ የሚታወቅ ነገር ተገኘ ማለት ነው።

ተረብ ግን ሁለት ሦስት ዙር ከሄደ በኋላ ይደክማል። «እንጀራ ይዤ እመጣለሁ፣ ወጡን ግን አልቀምስም» ብላ ከመለሰች፣ አራተኛ የለቅሶ ቀልድ ከመፈለግ «እንግዲያው ቅዳሜ ሌላ ሰው የሠራውን ዶሮ ወጥ እንብላ፤ የት ይሻልሻል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።