መካነ ሰላም ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ኤል ኤም 35 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር ሦስት እግር ያላት ትንሽ ጥቁር ዕቃ ናት። አንዱ እግር ኤሌክትሪክ ይቀበላል፣ አንዱ ወደ መሬት ይገባል፣ መሐለኛው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 10 ሚሊቮልት ያወጣል። 25 ዲግሪ ላይ 250 ሚሊቮልት ማለት ነው። አርዱይኖ ኡኖን የመሰለ ማይክሮኮንትሮለር ግን ዲግሪም ሚሊቮልትም አያውቅም፤ የመጣለትን ቮልቴጅ ከራሱ መነሻ ቮልቴጅ ጋር አነጻጽሮ ከ0 እስከ 1023 ያለ ጥሬ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። ይህን ቁጥር ወደ ዲግሪ የሚመልስ ቀመር ማግኘት ካሊብሬሽን ይባላል።

መነሻው ቮልቴጅ በዩኤስቢ የሚገባው 5 ቮልት ከሆነ አንድ ቁጥር ግማሽ ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ገመዱ ወይም ባትሪው ሲደክምም ንባቡ አብሮ ይዛነፋል። ስለዚህ ቺፑ ውስጥ ያለውን 1.1 ቮልት መጠቀም ይሻላል፤ ያኔ አንድ ቁጥር የዲግሪ አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናል። ችግሩ ይህ 1.1 ቮልት የስም ብቻ መሆኑ ነው። አምራቹ ራሱ ከቺፕ ቺፕ ከ1.0 እስከ 1.2 ቮልት ሊለያይ እንደሚችል ይናገራል። በአንዱ ሰሌዳ ላይ የሠራ ቀመር በሌላው ላይ የሚስተው ለዚህ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት መፍትሔ ቀላል ይመስላል፦ ሴንሰሩን በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ከተህ 0 በል፣ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ከተህ 100 በል፣ በሁለቱ መካከል መስመር አስምር። መካነ ሰላም ላይ ግን ሁለቱም ጫፎች ያታልላሉ። ከተማዋ ወደ 2600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም፤ ውኃው የሚፈላውም 91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርዱ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይጨምራል። በረዶውም አያዋጣም፤ ኤል ኤም 35 በተለመደው አገጣጠም ከ2 ዲግሪ በታች በትክክል አያነብም።

እንግዲህ በረዶና የፈላ ውኃ የሚያገለግሉት ማመሳከሪያ የሚሆነንን የመስታወት ቴርሞሜትር ለመፈተሽ ነው። በበረዶ 0፣ በፈላ ውኃ 91 አካባቢ ካሳየ ይታመናል። ከዚያ ሴንሰሩን በእርሱ እንለካለን።

የሴንሰሩን እግሮች ውኃ እንዳይነካቸው በሚሸበሸብ ፕላስቲክ ሸፍነው ከቴርሞሜትሩ ጋር ጎን ለጎን ያስሩታል። በፔርሙዝ ውስጥ ሙቅ ውኃ አድርገው እያማሰሉ ቀዝቃዛ ይጨምራሉ፤ ሁለቱም ንባቦች ረግተው ሲቆሙ ይመዘግባሉ። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ውጤት ተገኘ እንበል፦ በ10 ዲግሪ 102፣ በ25 ዲግሪ 247፣ በ40 ዲግሪ 393፣ በ60 ዲግሪ 585፣ በ80 ዲግሪ 779። ጥሬ ቁጥሮቹንና ዲግሪዎቹን ኤክሴል ላይ አስገብቶ `SLOPE` እና `INTERCEPT` ማለት ማባዣውንና የሚቀነሰውን ይሰጣል፦

```
analogReference(INTERNAL);   // setup() ውስጥ
int n = analogRead(A0);      // loop() ውስጥ
float t = 0.10344 * n - 0.567;
```

አሁን ወደ ኋላ ተመልሶ መፈተን ነው። 247ን ቀመሩ ውስጥ ብናስገባ 24.98 ይመጣል፤ አምስቱም ነጥቦች ከቴርሞሜትሩ ከ0.1 ዲግሪ በላይ አይርቁም። ካሊብሬት ሳይደረግ፣ መነሻውን ልክ 1.1 ቮልት ብለን ብናሰላ ኖሮ 247 ቁጥር 26.5 ዲግሪ ይሆን ነበር፤ 779 ደግሞ 83.7።

የፈላውን ውኃ 100 ያለ ሰውስ? ይህ ሴንሰር በመካነ ሰላም የፈላ ውኃ ውስጥ 888 ያህል ያነባል። በረዶው 6 ቢሰጠው፣ በሁለቱ ነጥቦች ያሰመረው ቀመር 247ን 27.3 ዲግሪ ያደርገዋል። ጭራሽ ካሊብሬት ካልተደረገውም የባሰ ስህተት ነው። ይባስ ብሎም መስመሩ በሁለቱም ነጥቦች ላይ ልክ ስለሚያልፍ ምንም የሚያስጠረጥር ነገር አይታይበትም። ሁለት ነጥብ ሁልጊዜ ይስማማል። አምስት ነጥብ ሲኖር ግን የተሳሳተው አንዱ ከመስመሩ ፈንጠር ብሎ ራሱን ያጋልጣል፤ ከላይ ያለው ቀመራችን 888ን 91.3 ዲግሪ ሲል ያርመዋል።

በቀመሩና በቴርሞሜትሩ መካከል ያሉት ልዩነቶች ሲታዩ መጠናቸው ብቻ ሳይሆን ምልክታቸውም ይነበባል። ተራ በተራ ሲደመርና ሲቀነስ ከሆነ የንባብ መንቀጥቀጥ ነው። ጫፎቹ ላይ ተደምሮ መሐሉ ላይ የሚቀነስ ከሆነ ግን ግንኙነቱ ቀጥተኛ መስመር አይደለም፣ ወይም ውኃው ሳይረጋ ተነቧል።

ቀመሩ የሚታመነው በተለካበት ክልል፣ እዚህ ላይ ከ10 እስከ 80 ዲግሪ፣ ነው። የአንድ ሰሌዳና የአንድ ሴንሰር ጥንድ ብቻም ነው፤ አንዱ ሲቀየር ፔርሙዙ እንደገና መውጣት አለበት። ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች በፕላስተር ላይ ጽፎ ሰሌዳው ጀርባ ላይ መለጠፍ ይበጃል፤ ኮዱ ብቻውን ወደ ሌላ ሰሌዳ ሲገለበጥ ስህተቱ አብሮ ይገለበጣልና።